«ላክሁልዎ» ስህተት አይደለም፦ የባልደረባን ኢሜይል ስታርሙ የማይነካውን መለየት

ባልደረባችሁ ከወንበሩ ዞር ብሎ «እስቲ ይቺን ኢሜይል ፊደሏን ብቻ እይልኝ፣ ልልካት ነው» ይላችኋል። ትከፍታላችሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ላክሁልዎ» ይላል። እናንተ አዲስ አበባ ነው ያደጋችሁት፤ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም። እጃችሁ ሳታስቡት ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል።

እዚያች ላይ ቁሙ።

እኔ ለብዙ ጊዜ አልቆምኩም። አንድ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣ ባልደረባ ነበረኝ፤ «ሁ» ያለበትን ሁሉ «ኩ» እያደረግሁ፣ «ዳግመኛ»ውን «በድጋሚ» እያልኩ ኢሜይሎቹን «አስተካክልለት» ነበር። (አሁን ራሴ አንዱን በ«ሁ» አንዱን በ«ኩ» እንደጻፍኩ አይታችኋል? እንዳለ ትቼዋለሁ።) አንድ ቀን አለቃው ደውለው «ይኼን ማን ጻፈልህ?» አሉት። እሱ ምንም አላለኝም። ብቻ ከዚያ በኋላ ኢሜይሉን የሚያሳየው ለሌላ ሰው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። በአንድ ኢሜይል ላይ እየሄድን እንየው። ኢሜይሉን ለማሳያ ራሴ ነው ያቀናበርኩት፤ ውስጡ ያሉት ነገሮች ግን በየሳምንቱ የማያቸው ናቸው። ጸሐፊው የመስክ ሥራ አስተባባሪ ነው፤ ተቀባይዋ በዕድሜም በሥልጣንም የሚበልጡት የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው።

> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> የሐምሌን የጉዞ ሒሳብ ባለፈው ሳምንት ልኬልዎ ነበር። መልስ ስላላየሁ ዳግመኛ ላክሁልዎ። ፋይሏን ሲከፍቷት ሁለተኛው ገጽ ላይ ላይ 14 ደረሰኝ ያገኛሉ። ከእነሱ ሁለቱ ማኅተም የላቸውም። ሆቴሉ እንደሁ ብደውልለት አያነሣ፣ ብጽፍለት አይመልስ። የነዳጁን ደረሰኝ ግን ከሾፌሩ ተቀብያለሁ፣ እሱም ተያይዞል። ገንዘቡ ለሰኞ አጥቢያ ቢደርስልን ሾፌሩ ይወጣበታል። ጥያቄ ካለህ ይደውሉልኝ። አስተያየቶን እጠብቃለሁ።

1. የተጠየቃችሁትን ለዩ፣ ዋናውን ቅዱ

«ፊደሏን ብቻ» ሲባል የሚታየው የፊደል ግድፈት፣ የተደገመ ወይም የጠፋ ቃል፣ የማይስማማ ግስና ትርጉም የሚያዛባ ነጥብ ነው። የቃል ምርጫ የለበትም። የቃላት ቅደም ተከተልም የለበትም። ጥርጣሬ ካላችሁ «ፊደል ብቻ ነው ወይስ አገላለጹንም ልይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይኼ አምስት ሴኮንድ አይፈጅም።

ከዚያ ጽሑፉን ቅዱና ወርድ ላይ ለጥፉት፣ `Track Changes`ን ክፈቱ (`Ctrl+Shift+E`)። ጉግል ዶክስ ላይ ከሆነ `Suggesting` የሚለውን ምረጡ። ኢሜይሉ ረቂቅ ላይ በቀጥታ ከጻፋችሁ ምን እንደቀየራችሁ እሱም አያውቅ፣ እናንተም ከአሥር ደቂቃ በኋላ አታስታውሱ።

2. አንድ ጊዜ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አንብቡ

ምንም ሳትነኩ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ዓይናችሁ የተሰናከለበትን ቦታ ሁሉ ግን ምልክት አድርጉ፤ ስህተት ነው አይደለም ብላችሁ ገና አትፍረዱ። ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት ደግሞ የተሻለ ነው፣ የተደገመውን «ላይ ላይ» ዓይን ይዘለዋል፣ ምላስ ግን አይዘለውም።

እኔ ይህን ኢሜይል ሳነብ 13 ቦታ ተሰናከልኩ። በቅደም ተከተል፦ «የሐምሌን የጉዞ ሒሳብ»፣ የ«ሒሳብ»ና የ«ማኅተም» ፊደል (እንደ አንድ ቆጥሬዋለሁ)፣ «ዳግመኛ»፣ «ላክሁልዎ»፣ «ፋይሏን ሲከፍቷት»፣ «ላይ ላይ»፣ «14 ደረሰኝ»፣ «እንደሁ»፣ «አያነሣ… አይመልስ»፣ «ተያይዞል»፣ «ለሰኞ አጥቢያ»፣ «ካለህ»፣ «አስተያየቶን»። በአንዲት አንቀጽ 13 ብዙ ይመስላል። ከእነዚህ ውስጥ መነካት ያለባቸው 4 ናቸው። አንዱ ጥያቄ ነው። ስምንቱ ባሉበት ይቆያሉ።

3. ለእያንዳንዱ የስህተቱን ስም ስጡት

ዋናው ማጣሪያ ይኼ ነው። ምልክት ያደረጋችሁበትን አንድ በአንድ ያዙና «ይኼ ስህተት የሆነው ምክንያቱም…» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። መጨረስ ከቻላችሁ አርሙ። «ምክንያቱም ጆሮዬን ቆረቆረኝ» ወይም «እኔ እንዲህ ስለማልል» ላይ ከደረሳችሁ እጃችሁን አንሡ።

«ላይ ላይ» ቀላል ነው፣ ቃሉ ተደግሟል። አንዱን አጥፉ።

«ተያይዞል» ስህተት ነው፤ ቃሉ «ተያይዞ» እና «አል» ሲገናኙ የሚወጣው ድምፅ «ዟ» ነው፣ ስለዚህ «ተያይዟል»። «ደርሶል»፣ «ተልኮል»፣ «ተፈርሞል» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው አያውቅም ማለት አይደለም፤ ስልክ ላይ «ዟ»ን ለማግኘት አንድ ተጨማሪ ንካት ስለሚያስፈልግ ነው።

«ጥያቄ ካለህ ይደውሉልኝ» ላይ አንዷን ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጀመሪያ አንተ ብሏቸው ቀጥሎ እርስዎ አላቸው። ከሌላ ኢሜይል ቀድቶ የለጠፈው መሆን አለበት። ይኼ ሳይነካ ቢሄድ ከሁሉም የሚያሳፍረው ይኼ ነው። ግን ወደ ምን ትቀይሩታላችሁ? «ካለዎት» እና «ካለዎ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። መልሱ እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ አለ፦ ሰውየው «ልኬልዎ»፣ «ላክሁልዎ» ብሎ ነው የጻፈው፣ «ት» አይጨምርም። ስለዚህ «ካለዎ»። ስህተት ስታርሙም በእሱ አነጋገር አርሙለት፣ አለበለዚያ እርማታችሁ እንደ ልብስ ጥፍ ከሩቅ ይታያል።

«አስተያየቶን» ደግሞ «እርሶ» ከሚለው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ስንናገር «ትዎ» ይዋጥና «ቶ» ሆኖ ይሰማል፣ ሰው የሰማውን ይጽፋል። ሲጻፍ «አስተያየትዎን» ነው።

አራት። አበቃ። የቀሩት ዘጠኙ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ሞክሩት፣ አያልቅላችሁም።

4. «ሳተ» ወይስ «ልማዱ ነው»?

ስሙን መስጠት አቅቷችሁም አሁንም የሚከነክናችሁ ነገር ካለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ሰውየው ሁልጊዜ እንዲህ ይጽፋል ወይ የሚለው ነው። የጣት ስህተት አንዴ ይመጣል ይጠፋል። ልማድ ይደጋገማል። የድሮ ኢሜይሎቹን ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ «ደወልሁ»፣ «ጠየቅሁ»፣ «አስረከብሁ» የሚል ከሆነ «ላክሁልዎ» የእሱ ነው፣ አመለጠው አይባልም።

እንዲያውም «ሁ»ን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ሰው በጣም የሚሳሳትበት ስለሆነ። በጎጃምና በጎንደር በኩል፣ በቆየ የጽሑፍ አማርኛም፣ «ደወልሁ፣ ጻፍሁ፣ ነበርሁ» ይባላል። አዲስ አበባ «ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ ነበርኩ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ደግሞ «ኩ» ብቻ ነው የምለው የሚለው ሰውም «ሰማሁ»፣ «ልኬያለሁ» ሲል «ሁ»ን ከነመዓዛው ይጠቀምባታል፣ አያስተውላትም እንጂ።

«ላክ» ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ላክኩ» ስንል ሁለቱ «ክ» ተጣብቀው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጽፈው «ላኩ» ብሎ ነው። «ላኩ» ደግሞ «እነሱ ላኩ» ነው! «ዳግመኛ ላክሁልዎ»ን ለማሳመር ብላችሁ «ዳግመኛ ላኩልዎ» ካደረጋችሁት፣ ኃላፊዋ «እነማን ናቸው የላኩልኝ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ትክክል የነበረውን አሻሚ አደረጋችሁት ማለት ነው።

«ሆቴሉ እንደሁ ብደውልለት አያነሣ፣ ብጽፍለት አይመልስ» ላይ ደግሞ ብዙ ሰው «ም» ጠፍታለች ብሎ ይሞላል። እውነት ነው፣ ብቻውን የቆመ ዓረፍተ ነገር «ስልክ አያነሣም» ይላል፣ «ስልክ አያነሣ» ብሎ ማቆም አይቻልም። ግን ሁለት አሉታ ጎን ለጎን ሲደረደሩና ሰውየው መላው እንደጠፋው ሲናገር «ም» ትወድቃለች። «አልበላ አልጠጣ»፣ «ብነግረው አይሰማ፣ ብመክረው አይገባው» እንላለን። እዚህ «ም»ን ብትጨምሩ ሰዋስዉ አይበላሽም፤ የሰውየው መታከት ግን ይጠፋል። ኃላፊዋ ማኅተም የሌለውን ደረሰኝ እንዲቀበሉት የሚለምነው ደግሞ ያ መታከት ነው። «እንደሁ»ም ያው ነው፣ «ሆቴሉን በተመለከተ» ከማለት ይልቅ የሰው ድምፅ አለው። ተዉት።

«ዳግመኛ» ላይ የምለው የለኝም። ትክክለኛ ቃል ነው፣ በቃ።

ጸሐፊው ከእናንተ ሌላ አካባቢ ከሆነና ቃሉ ልማድ ይሁን ግድፈት ጨርሶ ካልገባችሁ፣ ሳታሳዩት «እስቲ ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃልህ በለኝ» በሉት። እንደጻፈው ካላት የእሱ ናት። ሌላ ነገር ካለ ግን ጣቱ ነው የሳተው፣ ያን ጊዜ አርሙ። መዝገበ ቃላት ማየትም ይረዳል፣ ግን ቃሉን እዚያ ባታገኙት ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ የሚነገር ሁሉ አልተጻፈም።

5. አንዱን ብትነኩ ምን ይከተላል?

አማርኛ ላይ ስምን መንካት አደገኛ ነው። ጾታውና ቁጥሩ በስሙ ላይ ብቻ አይቆይም፣ ወደ ቅጽሉ፣ ወደ ግሱ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ወዳለችው ትንሽ ቅጥያ ሁሉ ይረጫል።

«ፋይሏን ሲከፍቷት»ን ውሰዱ። ፋይል ሴት አይደለችም፣ ወንድም አይደለም። አማርኛ ግን ትንሽ ነገርን፣ የሚወደድን ነገርን፣ «ያቺን ነገር» ለማለት የሚመቸንን ነገር ሁሉ በሴት ይጠራል፤ «ቤቲቱ»፣ «መኪናዋ»፣ «ይቺ ወረቀት»። ትክክል ነው። ግን እንበልና ቸኩላችሁ «ፋይሉን» አደረጋችሁት፣ ቀጣዩን ቃል አላያችሁም። የወጣው «ፋይሉን ሲከፍቷት» ነው። አሁን እውነተኛ ስህተት ኢሜይሉ ውስጥ ገባ፣ ያስገባችሁትም እናንተ ናችሁ። ይኼ በእኔ ላይ ደርሷል፣ ያውም ኢሜይሉ ከተላከ በኋላ ነው ያየሁት። ጥፋቱን የሚሸከመው ደግሞ ስሙ ከታች የተጻፈው ሰው ነው።

«14 ደረሰኝ» ላይም እንደዚሁ። ቁጥር ካለ ስሙ በነጠላ መቆም ይችላል። «አምስት ሰው መጣ» እንላለን፣ «አምስት ሰዎች መጡ»ም እንላለን። «ደረሰኞች» ብትሉት ይቺ ዓረፍተ ነገር ትተርፋለች፣ «ያገኛሉ» የሚለው ለእርስዎ ስለሆነ። ግን ሌላ ኢሜይል ላይ «14 ደረሰኝ ተያይዟል» ቢል ኖሮ «ደረሰኞች» ስትሉ ግሱንም «ተያይዘዋል» ማድረግ ነበረባችሁ። የእኔ ሕግ እንግዲህ፦ አንዲት ለውጥ ሌላ ሁለተኛ ለውጥ ከጠየቀች፣ መጀመሪያውኑ ያስፈልግ ነበር ወይ ብዬ ወደ ሦስተኛው ደረጃ እመለሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

«የሐምሌን የጉዞ ሒሳብ» ላይ «ን»ዋ ፊት ላይ መሆኗ አዲስ ለሆነባችሁ፦ አማርኛ «የ» ያለበት ሐረግ ሲገጥመው «ን»ን የፊተኛው ቃል ላይ ያሳርፋል። «የወንድሜን ቤት ሸጥኩ» ነው የምንለው። ዜና ላይ እየበዛ የመጣው «የሐምሌ ወር የጉዞ ሒሳብን» የሚለው አሠራር ጆሯችንን ስለለመደ ዋናው እንግዳ ይመስለናል እንጂ ጸሐፊው አልሳተም።

6. ፊደሎቹ

ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። በግዕዝ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ በዛሬ አማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በዚያ ላይ «ሀ» እና «ሃ» እኩል ይነበባሉ። «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል አስልቼው አውቃለሁ፦ ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለመካከለኛው 6፣ በድምሩ 12 ዓይነት ፀሐይ። ሁሉንም ሰው ያነበዋል።

ስለዚህ «ሒሳብ»ን «ሂሳብ»፣ «ማኅተም»ን «ማህተም» ማድረግ ማረም አይደለም፣ የራስን ምርጫ መጫን ነው። በተቃራኒውም፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላችሁ ሰዎች፣ «ሂሳብ» ብሎ የጻፈ ሰው ላይ «ሐመሩ ሐ» እያላችሁ አትዝመቱበት። ፊደል እይልኝ አለ እንጂ አስተምረኝ አላለም።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ዓይኔን እከፍታለሁ። አንደኛው፣ በአንድ ኢሜይል ውስጥ ያው ቃል ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ነው፤ «ሒሳብ» ብሎ ከሁለት መስመር በኋላ «ሂሳብ» ካለ፣ እሱ አብዝቶ ወደጻፈው አስጠጋዋለሁ። ሁለተኛው የሰው ስም ነው። ኃይሉም ሀይሉም ሐይሉም ያለ ሰው አለ፤ ትክክለኛው ባለቤቱ የሚጽፈው ነው፣ ስለዚህ የተቀባዩን ስም ከራሱ ከተቀባዩ የቀድሞ ኢሜይል ግርጌ ላይ አያለሁ። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አይሠራም።

ሦስተኛው ፊደሉ ትርጉም የሚለውጥበት ነው። የልማት ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ «ድህነት» እና «ድኅነት» ላይ ተጠንቀቁ፤ ፊደል ለሚለይ አንባቢ የመጀመሪያው ማጣት ነው፣ ሁለተኛው መዳን ነው። «የድኅነት ቅነሳ ፕሮግራም» ብሎ የሚልክ ሰው ነፍሳትን ከመዳን ሊያስቀር የተነሣ ይመስላል። ይኼን አርሙ፣ ስቃችሁም ቢሆን።

7. ትክክል ሆኖ የሚያሳስት ነገር ካለ ጠይቁ እንጂ አትቀይሩ

አንዲት ቀርታለች፣ «ለሰኞ አጥቢያ»። በጣም ጥሩ አማርኛ ናት። እሑድ ማታ አልፎ ሰኞ ሊነጋ ሲል ያለው ሌሊት ነው። ስህተት የለባትም፣ የሰውየውም ልማድ ናት፣ ስለዚህ እስካሁን ባየነው መንገድ ብንሄድ ልንተዋት ነበር።

ግን አሁን ራሳችሁን በኃላፊዋ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ኢሜይሉን ረቡዕ ከሰዓት ያነባሉ። «አጥቢያ» የሚለውን አንዳንዱ ሰው «በሰኞ ዋዜማ» ብሎ ይረዳዋል፣ አንዳንዱ «ሰኞ ጠዋት» ብሎ ያልፈዋል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ «አጥቢያ» ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ብለው ከተረዱት ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ፈርመው ወደ ባንክ ይልካሉ። ሾፌሩ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት። እሑድ ሌሊት ገንዘብ የሚከፍል ሒሳብ ክፍል ስለሌለ ሰውየው በልቡ የፈለገው ዓርብ እንዲከፈል ነው፤ ግን አልጻፈውም።

የምጠይቀው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ተቀባዩ አንብቦ ምን ያደርጋል? ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር የሚያደርጉ ከሆነ ጉዳዩ ከፊደል አልፏል። ታዲያ ያን ጊዜም አልቀይረውም። «ዓርብ» ብዬ ብጽፍና እሱ ያሰበው ሐሙስ ቢሆንስ? ጎኑ ላይ ጥያቄ እጽፍለታለሁ።

ሰዓትና ቀን ላይ ይኼ በብዛት ይመጣል። «9 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ለመሥሪያ ቤታችን ሰው ከምሳ በኋላ ነው፤ ኢሜይሉ ቅጂ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ሐበሻ የሚሄድ ከሆነ ግን የትኛው 9? «የዛሬ ሳምንት»ም ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል፣ ግሱ ካልለየው ጠይቁ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ እንግዳ አይመስሉም። ዓይን የሚያሰናክለው «ላክሁልዎ» ምንም ችግር ሳይኖርበት፣ ማንም የማይሰናከልበት «9 ሰዓት» ስብሰባ ያስቀራል።

8. ስትመልሱለት

አጭር አድርጉት። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

> አይቼዋለሁ ወንድሜ። 4 ቦታ ነካሁ፦ «ላይ» ተደግሞ ነበር፣ «ተያይዟል»፣ «ካለህ» የሚለውን «ካለዎ» (እርስዎ እያልክ ነው የጀመርከው)፣ «አስተያየትዎን»። አንድ ጥያቄ፦ «ለሰኞ አጥቢያ» ስትል ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ይከፈል ማለትህ ነው? ከሆነ ቀኑን ብትጽፈው ሳይሻል አይቀርም። ሌላው እንዳለ ነው።

«ሌላው እንዳለ ነው» የምትለዋን አትርሷት። ሰውየው የቀረውን አንብባችሁ ሆን ብላችሁ እንደተዋችሁት ያውቃል፣ «ፋይሏን ያላየው ይሆን?» እያለ አይጨነቅም። ደግሞ የተዋችሁትን እየዘረዘራችሁ «‹ላክሁ› የእናንተ አገር አነጋገር ስለሆነ ትቼዋለሁ» አትበሉት። ያ ከማረምም ይብሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተሳቅቆ ራሱ ይቀይረዋል።

ጸሐፊው «አዎ ዓርብ ነው፣ እንዳልከው ጻፈው» ብሎ መለሰልኝ እንበል። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሯን እንዲህ አደርጋታለሁ፦ «ገንዘቡ ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ቢደርስልን ሾፌሩ ለሰኞ አጥቢያ ይወጣበታል።» አጥቢያዋ አልጠፋችም፣ ሾፌሩ ወደሚወጣበት ሰዓት ተዛወረች።

ይህ አሠራር የማይሠራበት ጊዜ

ደብዳቤው በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በቁጥርና በማኅተም የሚወጣ ከሆነ የሚናገረው ሰውየው ሳይሆን ቢሮው ነው። ቢሮው «በድጋሚ» የሚል ከሆነ «በድጋሚ» ይባላል፣ «ፋይሏ»ም «ሰነዱ» ትሆናለች፣ ያን ጊዜ ግን ሁሉንም ቅጥያ ተከትላችሁ መቀየር አለባችሁ። ሌላው፣ ኢሜይሉን ብዙ ሰዎች የጻፉት ከሆነ ነው፤ አንዱ አንቀጽ በ«ሁ» ሌላው በ«ኩ» ሲሄድ እንደ ልማድ አይቆጠርም፣ ማን እንደሚፈርምበት ጠይቁና ወደሱ አስጠጉት።

ኢሜይሉ ከተላከ በኋላ አንዲት «ተያይዞል» አምልጣችሁ ብታገኙ ደግሞ ዝም በሉ። የገንዘብ መጠን፣ ቀን ወይም የሰው ስም ከሆነ ብቻ ወዲያው ንገሩት።